የደም ስኳር መመርመሪያ ስትሪፕ በሙቀት፣ በእርጥበትና በጊዜ ማለፍ ስለሚደርስበት ጉዳት

በላስታ ደጋ የሚነግድ ሰው፣ የአገሩ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ የደም ስኳር መመርመሪያ ስትሪፕ በእጁ አይበላሽም ብሎ ያምን ይሆናል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ይህ እምነት ስለ ሱቁ እውነትነት አለው፤ ስለ መንገዱ ግን የለውም። ከጅቡቲ የተነሣ ዕቃ የጋላፊንና የሚሌን ቆላ አቋርጦ ነው በወልድያና በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚወጣው። በብዙ ዓይነት ስትሪፕ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የሙቀት ወሰን 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ የአፋር ቆላ ሙቀት ግን በሞቃት ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በፀሐይ በቆመ የጭነት መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

በስትሪፑ ጫፍ ኤንዛይምና አንድ ሌላ ኬሚካል በስሱ ተቀብተዋል። ደም ሲነካቸው ኤንዛይሙ በስኳሩ ላይ ይሠራል፤ ከዚህም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይገኛል፤ መሣሪያውም ይህን ለክቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ኤንዛይሙ በሙቀት ሲደክም ቁጥሩ ከእውነተኛው ያንሳል። ኬሚካሉ በእርጥበት አስቀድሞ ሲለወጥ ግን ከስኳር ያልመጣ ኤሌክትሪክ ስለሚጨመር ቁጥሩ ሊበልጥ ይችላል። ለምሳሌ እውነተኛው ስኳር በዴሲሊትር 60 ሚሊግራም ሆኖ ሳለ መሣሪያው 95 ቢያሳይ፣ በሽተኛው ስኳሩ መውረዱን ሳያውቅ ምግቡን ያዘገያል። መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ የስሕተት ምልክት ቢያሳይም፣ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ የሚመስል ቁጥር ይሰጣል።

ብልቃጡ ወይም ክዳኑ እርጥበት የሚመጥ ነገር ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ 50 ስትሪፕ የያዘውን ብልቃጥ ከፍቶ አሥር አሥሩን በወረቀት ጠቅልሎ መቸርቸር፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፣ ዕቃውን ማበላሸት ነው።

በማሸጊያው ላይ የታተመው የማብቂያ ጊዜም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። 2026-03 የሚለው እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር የመሰለው ሻጭ ስምንት ዓመት ገደማ የሚቀረው አድርጎ ይገምተዋል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ አምራቾች ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ የሦስት ወይም የስድስት ወር ገደብ ስለሚያደርጉ፣ የተከፈተበት ቀን በላዩ ሊጻፍ ይገባል።

ጉዳቱ በዓይን አይታይም። መለያው፣ አምራቹ ለዚያው ስትሪፕ ያዘጋጀው የመቆጣጠሪያ ፈሳሽ ነው። ዕቃ ሲረከቡ ከየካርቶኑ አንድ ብልቃጥ ተከፍቶ፣ በደም ፈንታ ፈሳሹ ይፈተናል። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ወሰን ከ100 እስከ 140 ቢሆንና መሣሪያው 82 ቢያሳይ፣ ፈተናው በሌላ ስትሪፕ ይደገማል። ሁለተኛውም ከወሰኑ ውጭ ከሆነ፣ ፈሳሹ ራሱ ጊዜው እንዳላለፈ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ካርቶኑ ለገበያ ሳይቀርብ ወደ አስመጪው ይመለሳል። ይሁን እንጂ ፈተናው የሚመሰክረው ለተፈተነው ብልቃጥ ብቻ ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ ለፀሐይ ቀርቦ የነበረው የካርቶኑ ወገን ተለይቶ ከታወቀ፣ የሚፈተነው ብልቃጥ ከዚያ ወገን ይወሰዳል።