«ለአለቃዬ ጻፍልኝ»፦ ያልተሟላ የደብዳቤ ጥያቄ ከአማርኛ ግሥ አንጻር

በአዲስ አበባ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በፍርድ ቤቶች አካባቢ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። በኮልፌ ቀራኒዮ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት የሚሠራ ሰው ወደ አንዱ ቀርቦ «ስለ ትርፍ ሰዓቴ ለአለቃዬ ጻፍልኝ» አለ እንበል። ይህ ጽሑፍ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የጎደለው ምን እንደሆነ ይመረምራል።

የመጀመሪያው ጉድለት ግሡ ላይ ይታያል። «አለቃ» የሚለው ቃል ጾታንም ሆነ ቅርበትን አይገልጽም፤ ግሡ ግን ሁለቱንም ይጠይቃል። «ክፈለኝ»፣ «ክፈዪኝ» ወይም «ይክፈሉኝ» ከማለት በፊት ጸሐፊው የሁለቱን ዝምድና ማወቅ አለበት። ያላወቀ ጸሐፊ «እንዲከፈለኝ» ወደሚለው ተደራጊ ግሥ ይሸሻል። ይህ ቅርጽ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተለመደ ቢሆንም ገለልተኛ አይደለም። ሠራተኛው በየዕለቱ «ጋሼ» ብሎ የሚጠራው ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ጉዳዩ ወደ ክስ እያመራ እንደሆነ ሊቆጥር ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት ዓላማው ነው። «ጉዳዩ፦ ስለ ትርፍ ሰዓት» የሚለው ርእስ ምን እንደሚጠየቅ አይናገርም። ክፍያ ነው ወይስ የተሠራው ሰዓት በጽሑፍ እንዲታመን? ልዩነቱ ሕጋዊ ውጤት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ፣ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ሠራተኛው ለአለቃው ደብዳቤ መጻፉ ብቻውን ይርጋውን አያቋርጠውም፤ አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ግን ያቋርጠዋል። ስለዚህ ክፍያ ብቻ ጠይቆ መልስ የማይጠይቅ ደብዳቤ፣ ሠራተኛው በትዕግሥት ሲጠብቅ ጊዜው እንዲያልፍበት ሊያደርግ ይችላል።

ሦስተኛው ጉድለት የጥንካሬው ልክ ነው። ይህን የሚወስነው በአብዛኛው የመዝጊያው ግሥ ነው። «በትሕትና እጠይቃለሁ» ውሳኔውን ለአለቃው ይተዋል። «አመለክታለሁ» ጉዳዩን በመዝገብ ያስቀምጣል። «አሳስባለሁ» ግን የበላይ ለበታች የሚጽፈው ቃል በመሆኑ ከሠራተኛ ሲመጣ እንደ ድፍረት ይነበባል።

ጸሐፊው ሦስት ነገር ጠየቀ እንበል፦ በቃል ምን ብለህ ትጠራዋለህ? ደብዳቤውን አንብቦ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋለህ? ባያደርገውስ ምን ታደርጋለህ? ሠራተኛው «ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሰዓቱን ይመኑልኝ፤ ሥራዬን መልቀቅ አልፈልግም» ቢል ደብዳቤው እንዲህ ይሆናል፦

«በጥርና በየካቲት የሠራሁትን የ12 ሰዓት ትርፍ ሥራ ተመልክተው፣ ክፍያው እንደሚገባኝ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

እዚህ ላይ አክብሮቱ በግሡ፣ ጥንካሬው ደግሞ በወሩና በሰዓቱ ቁጥር ውስጥ ይገኛል። ይሁንና አለቃው መልስ ካልሰጠ ይርጋው መቁጠሩን አያቆምም። ስለዚህ 6 ወሩ ከመሙላቱ በፊት ሠራተኛው ጥያቄውን የሥራ ክርክር የመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ ይኖርበታል።