በየወሩ እየተከፈለ የተሸጠ ሚዛን ክፍያው ሲቋረጥ

አንድ ሻጭ ሞያሌ ላለ የከብት ነጋዴ የከብት መመዘኛ ሚዛን በ300,000 ብር ሸጠ እንበል። ነጋዴው 60,000 ብር በቅድሚያ ከፈለ፤ ቀሪውን 240,000 ብር በየወሩ 30,000 እየከፈለ በ8 ወር ሊጨርስ ተስማማ። ውሉ “ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ ባለቤትነቱ የሻጩ ነው” ይላል። ነጋዴው 4 ወር ከፈለና አቆመ። አሁን ሻጩ ምን ማድረግ ይችላል?

ምዝገባ

ባለቤትነትን ለሻጩ የሚያስቀረው አንቀጽ ገዢውን ያስራል። ሚዛኑን ከገዢው ላይ በቅንነት የገዛን ወይም በዕዳ የያዘን ሦስተኛ ሰው ለመቋቋም ግን ምዝገባ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንዲህ ያለውን ሽያጭ እንደ ዋስትና መብት ይቆጥረዋል፤ ምዝገባውም በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ ነው። ኬንያም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የራሷ መዝገብ አላት። ስለዚህ ሚዛኑ ድንበር የሚሻገር ከሆነ የአንዱ አገር ምዝገባ ብቻውን አይበቃም፤ ውሉም ያለ ሻጩ የጽሑፍ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ማለት አለበት።

የመዘግየት ወለድ

ውሉ ስለ ወለድ ዝም ካለ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በዓመት 9 በመቶ ያስከፍላል። የዘገየ 30,000 ብር በ40 ቀን የሚያመጣው ወለድ 296 ብር ገደማ ብቻ ነው። በውሉ “በወር 10 በመቶ” ተብሎ ከተጻፈ ግን በወር 3,000 ብር ይሆናል። “በመቶ” ከሚለው ቃል ፊት “በዓመት” ወይስ “በወር” እንዳለ ሳያዩ መፈረም አይገባም። ወለዱ በዘገየው ክፍያ ላይ እንጂ በቀሪው ዕዳ ሁሉ ላይ እንደማይታሰብም ይጻፍ።

ዕቃውን መመለስ

ሻጩ በመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የመክፈያ ቀንም ይወስናል። ቀኑ ካለፈ ውሉን መሰረዙን አስታውቆ ዕቃውን ይጠይቃል። ገዢው በፈቃዱ ካስረከበ ሁለቱም የርክክብ ሰነድ ይፈርማሉ። ከተቃወመ ሻጩ በጉልበት አይወስድም፤ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ብዙ ነጋዴ የማያውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ውሉ በሻጩ ጥያቄ ሲሰረዝ ሻጩ የተቀበለውን ገንዘብ መመለስ አለበት፤ የሚቀንሰው ተገቢ ኪራይና የዕቃውን እርጅና ነው። “የተከፈለው አይመለስም” የሚል አንቀጽ ዋጋ የለውም። በምሳሌው ሚዛኑ 6 ወር ከገዢው ጋር ቆየ። ኪራዩ በወር 12,000፣ ጉዳቱ 18,000 ቢገመት ተቀናሹ 90,000 ይሆናል። ገዢው ከከፈለው 180,000 ብር ውስጥ 90,000 ይመለስለታል።

ጠብ የሚነሳው በኪራዩ መጠን ላይ ነው። የወር ኪራዩ ግምት በውሉ ከሰፈረ፣ ሚዛኑም ሲረከብ ፎቶ ተነስቶ ጤንነቱ ከተመዘገበ ሂሳቡን መሥራት ይቀላል።