የፕሮቪደንት ፈንድ ተቀባይ መሰየም፦ ከሠርግ በፊት የተፈረመ ወረቀት

አንድ ሠራተኛ በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠ፣ አሠሪውም እየጨመረለት ለዓመታት ያጠራቀመው የፕሮቪደንት ፈንድ ገንዘብ አለው እንበል። ሰውየው ገንዘቡን ሳያወጣ ቢሞት ማን ይወስደዋል? ብዙ ሰው «ሚስቱና ልጆቹ ናቸዋ!» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ሌላው ደግሞ «ኑዛዜው ይታያል» ይል ይሆናል። ሁለቱም መልሶች ሊሳሳቱ ይችላሉ። ነገሩን በግልጽ ለማየት ሕጉ በዝርዝር የተጻፈበትን የሲንጋፖርን አሠራር እንመልከት።

የሲንጋፖር ሴንትራል ፕሮቪደንት ፈንድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። እያንዳንዱ አባል ሲሞት ገንዘቡን የሚቀበሉትን ሰዎችና የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ አስቀድሞ መሰየም ይችላል። ስያሜው የሚጸናው ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ሁለት ምስክሮች ሲገኙበት ነው። ምስክሮቹ ራሳቸው ተቀባይ ሆነው የተሰየሙ መሆን የለባቸውም። ተቀባይ የቤተሰብ አባል እንዲሆን ግዴታ ስለሌለ አባሉ ወንድሙን ወይም ወዳጁን መሰየም ይችላል።

ነጋዴዎች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነጥብ እዚህ ላይ አለ። አባሉ ሲሞት በፈንዱ ውስጥ ያለው ገንዘብ የውርስ ሀብቱ አካል ተደርጎ አይቆጠርም። ሕጉ ገንዘቡን ለተቀባዮቹ በአደራ እንደተያዘ ነው የሚያየው። ከዚህ የሚከተሉት ውጤቶች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የሟቹ አበዳሪዎች ገንዘቡን ለዕዳቸው መጠየቅ አይችሉም። ሁለተኛ፣ ኑዛዜ ገንዘቡን አይነካውም። ኑዛዜ የሚያከፋፍለው የውርስ ሀብትን ብቻ ነውና፣ «የፈንዱን ገንዘብ ለእናቴ ሰጥቻለሁ» ተብሎ የተጻፈ ኑዛዜ በጠበቃ ፊት የተፈረመ ቢሆንም በዚህ ገንዘብ ላይ ዋጋ የለውም።

አባሉ ማንንም ሳይሰይም ከሞተስ? ፈንዱ ገንዘቡን የመንግሥት ባለአደራ ለሆነው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። መሥሪያ ቤቱም የሟቹን ቤተሰብ በማስረጃ አጣርቶ፣ የአገልግሎት ክፍያውን ቀንሶ፣ ቀሪውን ያለ ኑዛዜ ለሞተ ሰው በወጣው የውርስ ሕግ መሠረት ያከፋፍላል። ሙስሊም ለሆኑ አባላት ክፍፍሉ የሚደረገው በእስልምና የውርስ ሕግ ነው። ለሌሎቹ ሕጉ ያስቀመጠው ድልድል የሚከተለው ነው። ሚስትና ልጆች ካሉ ግማሹ ለሚስት፣ ግማሹ ለልጆች እኩል ይከፋፈላል፤ ወላጆች ምንም አያገኙም። ሚስት ኖራ ልጅ ከሌለ ግማሹ ለሚስት፣ ግማሹ ለወላጆች ይሆናል። ሚስትም ልጅም ከሌለ ሁሉም የወላጆች ነው። ሟቿ ሴት ስትሆን ባል በሚስት ቦታ ይገባል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የአክሲዮን ደላላ በ28 ዓመቱ ሳያገባ እናቱን ብቸኛ ተቀባይ አድርጎ ይሰይማል። በ33 ዓመቱ አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለደ። እናቱን እስከ መጨረሻው በየወሩ ይረዳ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁሉ «እናቴን በወረቀት አስመዝግቤያታለሁ» ብሎ ስለሚያምን ወደ ፈንዱ አልተመለሰም። ከዚህም ሌላ «ከንብረቴ ሁሉ አንድ ሦስተኛው ለእናቴ፣ ቀሪው ለሚስቴ» የሚል ኑዛዜ ጽፏል። በ45 ዓመቱ በድንገት ሲሞት በፈንዱ ውስጥ 240,000 የሲንጋፖር ዶላር ነበረው።

የፈንዱን ወረቀት ያወጡት ቤተሰቦቹ የእናቱን ስም እንዳለ ያገኙታል። ነገር ግን ወረቀቱ ፈርሷል! በሲንጋፖር ሕግ አንድ አባል ሲያገባ ከዚያ በፊት ያደረገው ስያሜ በራሱ ጊዜ ይሻራል። የሕጉ ሐሳብ አዲስ የተመሠረተው ቤተሰብ በአሮጌ ወረቀት ምክንያት ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። አዲስ ስያሜ ስላልተደረገ ሰውየው ማንንም እንዳልሰየመ ይቆጠራል። ስለዚህ የአገልግሎት ክፍያው ከመቀነሱ በፊት ሚስቱ 120,000፣ ሁለቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 60,000 ዶላር ይደርሳቸዋል። የልጆቹ ድርሻ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ በባለአደራው እጅ ይቆያል። እናቱ ከፈንዱ አንድ ሳንቲም አታገኝም።

ኑዛዜው ፈጽሞ ዋጋ አጣ ማለት ግን አይደለም። አባላት ከፈንዱ ገንዘብ ከፊሉን አውጥተው አክሲዮን እንዲገዙ ይፈቀድላቸዋል። ይህ ደላላ በዚህ መንገድ በባንክ የኢንቨስትመንት ሒሳብ ውስጥ ዋጋው 60,000 ዶላር የሆነ አክሲዮን ነበረው። ይህ ሀብት ከፈንዱ ስለወጣ ስያሜ አይገዛውም፤ ወደ ውርስ ሀብቱ ይገባል። እናቱ ሌላ ንብረትና ዕዳ ከሌለ በኑዛዜው መሠረት ከዚሁ 20,000 ዶላር ታገኛለች። ዕዳ ካለ ግን አበዳሪዎች ይቀድማሉ። የአንድ ሰው ጥሪት በሁለት መንገድ ሄደ ማለት ነው፦ ፈንዱ ውስጥ የቀረው በባለአደራው በኩል፣ ወደ አክሲዮን የዞረው በኑዛዜው በኩል።

ደላላው ካገባ በኋላ አዲስ ስያሜ አድርጎ ለሚስቱ 50፣ ለእናቱ 25፣ ለሁለቱ ልጆች ደግሞ 12.5 በመቶ ለእያንዳንዳቸው ቢል ኖሮ እናቱ 60,000 ዶላር ታገኝ ነበር። ገንዘቡም ቤተሰብ ማጣራት ሳያስፈልግ ለተሰየሙት ይከፈል ነበር።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር ፍቺ ነው። ጋብቻ ስያሜን ይሽራል፤ ፍቺ ግን አይሽርም። በጋብቻ ዘመኑ ሚስቱን የሰየመ ሰው ተፋትቶ ወረቀቱን ሳይቀይር ቢሞት ገንዘቡን የምትወስደው የቀድሞ ሚስቱ ናት። ልጅ መውለድም እንዲሁ ስያሜን አይለውጥም፤ የመጀመሪያ ልጁን ብቻ የሰየመ አባት ሁለተኛው ልጅ በራሱ ይገባል ብሎ ማሰብ የለበትም። ችግሩ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ስያሜው የተፈረመበትን ቀን ከጋብቻ፣ ከፍቺና ከልጆች ልደት ቀን ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

ይህን ድልድል እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት አይቻልም። በእኛም አገር ከግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 በፊት ብዙ የግል ድርጅቶች ፕሮቪደንት ፈንድ ነበራቸው፤ አዋጁም ሠራተኞቻቸው ከፈለጉ በዚያው እንዲቀጥሉ ፈቅዷል። የውርስ ሕጋችን ግን የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት የትዳር ጓደኛን ወራሽ አያደርግም። ሚስት የምትወስደው ከጋራ ንብረቱ የራሷን ግማሽ ነው። የሟቹ ግማሽ ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለወላጆቹ ይሄዳል። ስለሆነም ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ሚስትና እናት ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የፈንድ አባል የሆነ አንባቢ የድርጅቱን መተዳደሪያ ደንብ አስወጥቶ፣ «ተቀባይ» በሚለው ቦታ የማን ስም እንደተጻፈና መቼ እንደተፈረመ ዛሬውኑ ቢያይ ነገ የሚነሳውን ክርክር ያስቀራል።