«መድኃኒቴ አለቀ» ሲሉን ምን እንጠይቅ?

አንዲት እናት ከኔታንያ ሔፍጺባ ሰፈር ወደ ኩፓት ሆሊም ደውለው «ልጄ፣ ኢንሱሊኔ አለቀብኝ» ይላሉ እንበል። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ያዘዘውን ሐኪም፣ መቼ እንደተወሰደ እያከታተለ ሲጠይቅ እናታችን ይደክማሉ፤ በመጨረሻም ለሁሉም «አዎ» ማለት ይጀምራሉ። በዚህ ፈንታ የምትበቃውን አንዲት ጥያቄ የምናዘጋጀው እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ መንገዶቹን ጻፉ። ጥያቄውን ከማሰብ በፊት ቀጥሎ ልታደርጉ የምትችሉትን ነገር ዘርዝሩ። እዚህ ሦስት መንገድ አለ፦ ማዘዣው እስኪታደስ በተለመደው ወረፋ መጠበቅ፣ ለሐኪማቸው ዛሬውኑ መልእክት መላክ፣ ወይም አሁኑኑ ተረኛ ሐኪም ማግኘት።

2. ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ሰርዙ። የመታወቂያ ቁጥራቸው ከገባ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ሐኪሙ ይታያሉ። ማንነትን ማረጋገጥ ግን አይቀርም፤ ያለ እሱ የሌላ ሰው ፋይል ሊከፈት ይችላል።

3. መንገዱን የሚለየውን ብቻ አስቀሩ። ኮምፒውተሩ የማያውቀው በቤታቸው የቀረውን ነው። መንገዱን የሚወስነውም እሱ ነው።

4. በዓይን በሚታይ ነገር ጠይቁ። «አስቸኳይ ነው?» ብትሏቸው አንዱ ሁልጊዜ «አዎ» ይላል፤ ሌላው ሰው ላለማስቸገር «ግድ የለም» ይላል። ከሁለቱም የምታውቁት ነገር የለም። ይልቅስ እንዲህ በሉ፦

«እማማ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍተው ይዩልኝ፤ የተጀመረውንም ጭምር፦ ምንም የለም፣ የተጀመረ ብቻ አለ፣ ወይስ ያልተከፈተም አለ?»

የተጀመረው የኢንሱሊን ብዕር ብዙ ጊዜ ከማቀዝቀዣ ውጭ ስለሚቀመጥ ነው «የተጀመረውንም ጭምር» ያልነው። ይህ ካልተጨመረ መድኃኒቱ ጠረጴዛ ላይ እያለ ማቀዝቀዣው ባዶ ስለሆነ ብቻ «ምንም የለም» ሊሉ ይችላሉ።

5. እያንዳንዱን መልስ ከመንገዱ ጋር አገናኙ። ያልተከፈተ ካለ የተለመደው እድሳት ይበቃል። የተጀመረ ብቻ ከሆነ መልእክቱ ዛሬ ይላካል። ምንም ከሌለ ተረኛ ሐኪም ይፈለጋል። «አላውቅም» ካሉ አጠገባቸው ያለ ሰው እንዲያይላቸው ጠይቁ፤ የሚያይ ከሌለ ምንም እንደሌለ ቆጥራችሁ ሥሩ። ሁለት መልሶች ወደ አንድ መንገድ ከመሩ፣ አማራጮቹን አዋህዱ ወይም ጥያቄውን ቀይሩ።

አንድ ጥያቄ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ደዋይዋ ደረታቸውን ያመማቸው፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ወይም ንግግራቸው የተምታታ እንደሆነ ስለ መድኃኒት አትጠይቁ፤ ወደ 101 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፣ ያሉበትንም አድራሻ አረጋግጡ።

ጥያቄው መሥራቱን የምታውቁት ከመልሱ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ ሳይጨመር ሥራው ሲጀመር ነው። በየጊዜው ተጨማሪ ጥያቄ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ወደ 1ኛው ደረጃ ተመለሱ፤ ያልጻፋችሁት መንገድ አለ ማለት ነው።