የጀበና ቡናና የጁስ ሒሳብ፦ ቂሊንጦ ላይ ያለ ካፌ ከየቱ ያተርፋል?

የዛሬው ትምህርታችን ከኤክስፖርት ዋጋ ትንሽ ወረድ ይላል። ካፌ ያላችሁ፣ ለካፌ ቡናና ፍራፍሬ የምታቀርቡ ነጋዴዎችና ዩኒየኖች በደንብ ተከታተሉት።

ቂሊንጦ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ አንድ ካፌ እናስብ። ከሰዓት በኋላ ጀበናው ዙሪያ መቀመጫ አይገኝም፣ ጁስ ማሽኑም አያርፍም። ደብተሩ ላይ ትርፍ አለ፤ ወር ሲደርስ ግን መሳቢያው ውስጥ ብሩ የለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ባለቤቱ የሚያሰላው በገዛው ኪሎ ነው፤ የሚሸጠው ግን ከዚያ የተረፈውን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፣ በራሳችሁ ዋጋ ተኩዋቸው።

መጀመሪያ ቡናውን እንይ። ጥሬ ቡና ኪሎው 800 ብር ነው እንበል። ተለቅሞ ሲቆላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ክብደቱን ያጣል፤ ስለዚህ 820 ግራም ገደማ የተቆላ ቡና ይቀራል። ለአንድ ስኒ 8 ግራም ከተደረገ 102 ስኒ ይወጣል፣ የአንዱ ስኒ ቡና ወደ 8 ብር ገደማ ይሆናል። ስኒው በ25 ብር ቢሸጥ፣ ለስኳር፣ ለከሰልና ለፈንዲሻ 3 ብር ሲቀነስ 14 ብር ይተርፋል። የቡና አፍዪዋ ደመወዝና ኪራይ ከዚሁ ይወጣል።

እዚህ ላይ ገንዘቡ የሚፈሰው በማንኪያ ነው። በግምት ሲጨመር 8 ግራሙ ሳይታወቅ 10 ግራም ይሆናል። ከዚያው ኪሎ 82 ስኒ ብቻ ይወጣል፤ 20 ስኒ ቀረ ማለት 500 ብር ሽያጭ ቀረ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የጀበናውን ስኒ ቁጥር እወቁ፣ ለዚያ የሚበቃውን የተፈጨ ቡና አንድ ጊዜ በሚዛን ለኩና በአንድ መስፈሪያ ወስኑት።

ጁሱ ጋ ስንመጣ ሒሳቡ ይከብዳል። 10 ኪሎ አቮካዶ በ1,000 ብር ተገዛ እንበል። ለአንድ ብርጭቆ 250 ግራም ከሆነ ባለቤቱ «40 ብርጭቆ ይወጣዋል፣ ፍሬው 25 ብር ነው» ይላል። ግን 1 ኪሎው ተበላሽቶ ይጣላል። ከቀሪው 9 ኪሎ ሲሶው ልጣጭና ፍሬ ነው፤ የሚፈጨው 6 ኪሎ፣ ብርጭቆውም 24 ብቻ ነው። የአንዱ ብርጭቆ አቮካዶ 42 ብር ደረሰ። በ90 ብር ሲሸጥ፣ ለስኳር፣ ለሎሚና ለመብራት 10 ብር ተቀንሶ፣ ከአስሩ ኪሎ 920 ብር ይተርፋል።

አሁን የተበላሸው 3 ኪሎ ቢሆንስ? ብርጭቆው ወደ 18 ይወርዳል፣ ትርፉም 440 ብር ይሆናል። ሁለት ኪሎ ተጨማሪ ብልሽት ከትርፉ ግማሹን በላይ በላ! ጥሬ ቡና ወራት ይቀመጣል፣ የበሰለ አቮካዶ ግን ቀናት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጀበናው የካፌውን ወጪ ይችላል፤ የጁሱ ትርፍ የሚወሰነው ግን ገበያ ላይ፣ ገና ሲገዛ ነው።

ለዚህ ነው በብስለት ከፋፍሎ መግዛት የሚያስፈልገው፦ ሲሶው ለዛሬ፣ ሲሶው ለነገ፣ ቀሪው ጠንካራ። ጠንካራውን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፣ መብሰሉ ይቆማል፤ ከበሰለ ሙዝ ጋር ብታስቀምጡት ይፈጥናል። የበሰለውን ግን ፍሪጅ ሁለት ሦስት ቀን ያቆይላችኋል። ስትገዙ ጭራው ላይ ያለችውን ቁራጭ ነቅላችሁ እዩ፤ ከስሩ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቡናማ ከሆነ ውስጡ አልፎበታል። ተጨማድዶ የማይለሰልሰው ደግሞ ያለጊዜው የተለቀመ ነው፣ ቢቆይም አይበስልም። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ገበያው ሃይሌ ጋርመንት ነው፤ ከዚያ ቂሊንጦ ድረስ በጆንያ ተጭኖ የመጣ የበሰለ ፍሬ መንገድ ላይ ይጎዳል፣ በሳጥን አስጭኑ።

ወቅቱንም አትርሱ። በሁዳዴ 55 ቀን፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ፣ ማኪያቶ ይቀንሳል፣ ጁስና ጥቁር ቡና ይጨምራል፤ ያኔ የአቮካዶ ፍላጎትም አብሮ ይወጣል። ተማሪው ለእረፍት ሲሄድ ግን የፍራፍሬ ግዢያችሁን በዚያው ልክ ቀንሱ።

ለዩኒየኖችና ለአቅራቢዎች፦ ካፌው ከእናንተ ኪሎ ብቻ አይፈልግም። በብስለት ተለይቶ በሳጥን የቀረበ አቮካዶ ከላይ ያሉትን ሁለት ኪሎ ብልሽት ካዳነለት፣ ከ10 ኪሎው ላይ 480 ብር አትርፋችሁለታል። የኪሎ ዋጋ ስትደራደሩ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ።

በዚህ ሳምንት ካፌ ያላችሁ ሁለት ነገር መዝኑ፦ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ስንት ስኒ እንደወጣ፣ ከ10 ኪሎ አቮካዶ ስንት ብርጭቆ እንደተሸጠ። ያገኛችሁትን ላኩልን፣ በሚቀጥለው በእናንተ ቁጥር እናሰላዋለን።