«ሞር ቤተር» ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ የሰዋስው ፈተና ላይ ከአራቱ ምርጫዎች ሦስቱ ዝም ብለው የተጣሉ አይደሉም። ፈተና አውጪው ተማሪ እንዴት እንደሚሳሳት ያውቃል፤ ለእያንዳንዱ ስሕተት አንድ ምርጫ ያዘጋጅለታል። ይህ በደንብ የሚታየው በማወዳደሪያ ቅጽሎች ማለትም በኮምፓራቲቭና በሱፐርላቲቭ ላይ ነው። እስቲ አንድ ጥያቄ እንይ።

«ዘ ኒው ሮድ ኢዝ ______ ዛን ዘ ኦልድ ዋን።»
ሀ. ሞር ቤተር
ለ. ጉደር
ሐ. ቤተር
መ. ዘ ቤስት

መልሱ ሐ ነው። ግን ሌሎቹ ማንን ለመያዝ ተቀመጡ? «ጉደር» የተቀመጠው ሕጉን ብቻ ለሸመደደ ተማሪ ነው። አጭር ቅጽል «‑ኧር» ይጨመርበታል ተብሎ ተምሯል፤ «ጉድ» ግን ከሕጉ ውጪ ሆኖ «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት» እያለ ይሄዳል። «ዘ ቤስት» የሚይዘው «ዛን» የምትለዋን ቃል ሳያይ ያለፈውን ነው፤ «ዛን» ካለ ሱፐርላቲቭ አይገባም። «ሞር ቤተር» ግን የሚይዘው በአማርኛ አስቦ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰውን ነው። ይህ ደግሞ አብዛኞቻችን ነን።

ለምን ቢባል፣ አማርኛ ቅጽሉን ራሱን ለውጦ አያወዳድርም። «ሸሕዲ ከጎንደር ይሞቃል» ስንል ማወዳደሩን የሚሠራው «ከ» ነው፤ «ይሞቃል» እንዳለ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ሆት» የሚለውን ቃል ወደ «ሆተር» ይለውጠዋል። አማርኛው ከፈለገ «የበለጠ» የሚል ቃል ጨምሮ «ሸሕዲ ከጎንደር የበለጠ ይሞቃል» ይላል፤ ምንም አይጎዳውም። ይህን ቃል በቃል ስንመልሰው «ሞር ሆተር» ይወጣል። «ሞር»ም «‑ኧር»ም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ለአንድ ቅጽል ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይበቃዋል።

አማርኛ ውስጥ ማወዳደርን በሆዳቸው የያዙ ግሦች መኖራቸው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ሻለ፣ ባሰ፣ አነሰ፣ በለጠ። እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስዳቸው የምናገኘው ቤተር፣ ወርስ፣ ሌስ፣ ሞር ነው፤ ሁሉም ከሕግ ውጪ የሆኑት ናቸው! «የተሻለ» ማለት ብቻውን «ቤተር» ማለት ነው። እኛ ግን በዜናም በስብሰባም «የበለጠ የተሻለ» ማለት ለምደናል። «ሞር ቤተር» ጆሯችንን የማይኮረኩረው ለዚህ ይመስለኛል። «የበለጠ የባሰ» የሚልም «ሞር ወርስ»ን ለመምረጥ ቅርብ ነው።

ድርብ ማወዳደሪያ ለእንግሊዞችም እንግዳ አልነበረም። ከ1564 እስከ 1616 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኖረው ሼክስፒር በተውኔቶቹ ተጠቅሞበታል። በ1762 እ.ኤ.አ. የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመው ሮበርት ላውዝ ግን ትክክል አይደለም ብሎ ጻፈ፤ የትምህርት ቤቱ ሰዋስውም በዚሁ መንገድ ሄደ። ስለዚህ በሰፈር እንግሊዝኛም ሆነ በዘፈን ብንሰማው አይግረመን፤ ፈተናው የሚጠይቀን የተጻፈውን መደበኛ እንግሊዝኛ ነው።

ታዲያ ማጠናከር ስንፈልግ ምን እናድርግ? «በጣም የተሻለ» ለማለት «ቬሪ ቤተር» የሚልም ወጥመድ አለ። «ቬሪ» ከ«ጉድ» ጋር እንጂ ከ«ቤተር» ጋር አይሄድም። ትክክሉ «ማች ቤተር» ወይም «ፋር ቤተር» ነው። ሙቀቱ እየጨመረ መሄዱን ለመናገር ደግሞ «ሆተር ኤንድ ሆተር» ይባላል። ይህ ድርብ ቢሆንም ትክክል ነው፤ ቃሉ ራሱ ተደገመ እንጂ ሁለት ማወዳደሪያ በአንድ ቃል ላይ አልተጫነም።

አንድ ወጥመድ ይቀራል። «ዘ» ያየ ተማሪ ሁሉ ወደ ሱፐርላቲቭ ይሮጣል። «ኦፍ ዘ ቱ ታውንስ፣ ሸሕዲ ኢዝ ዘ ______» ቢባል ግን የተወዳደሩት ሁለት ከተሞች ብቻ ስለሆኑ የሚጠበቀው መልስ «ሆተር» ነው። ጎንደር፣ አይከልና ሸሕዲ ሦስቱ ቢወዳደሩ ኖሮ «ሆተስት» ይሆን ነበር። ስለዚህ ምርጫዎቹን ከማንበባችን በፊት ስንት ነገር እንደተወዳደረ እንቁጠር፤ ከዚያ «ዛን» መኖሩን እንይ፤ በመጨረሻ አንድ ቅጽል ሁለት ማወዳደሪያ የተሸከመበትን ምርጫ እንሰርዝ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገሩ በፈተና ነጥብ ብቻ አያልቅም። ከእንግሊዝኛ ዜና «ቤተር» የሚለውን «የበለጠ የተሻለ» ብለን ስንተረጉም ምንጩ ያላለውን ጭማሪ አስገብተናል። «ማች ቤተር» ካላለ «የተሻለ» ይበቃል። ዜናችንን ለአርታዒ ከመስጠታችን በፊት «የበለጠ» የሚለውን ቃል ፈልገን፣ አጠገቡ «የተሻለ» ወይም «የባሰ» ካለ አንዱን ማውጣት ነው።