ዛሬ ጫማ፣ ነገ ዱቄት፦ ንግዱ ሲቀየር የማያሳፍር ስም

ዕቃውን ከስሙ ማውጣት

የድርጅት ስም ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይይዛል፤ መለያ የሆነውን ቃልና ምን እንደሚሠራ የሚናገረውን። ንግዱ ሲቀየር የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው።

ያማሃን እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቶራኩሱ ያማሃ የተባለ ጃፓናዊ ኦርጋን ከመጠገን ተነሥቶ በ1897 ያቋቋመው ኩባንያ «ኒፖን ጋኪ» ይባል ነበር፤ የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ እንደማለት። ፒያኖና ኦርጋን ብቻ ሲሠራ ስሙ ልኩ ነበር። በኋላ ግን የአውሮፕላን የእንጨት ፕሮፔለር መሥራት ያዘ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ሥራ የፈቱ ማሽኖቹን ለሞተር ሳይክል አዋላቸው። በ1955 ባለ 125 ሲሲው የመጀመሪያ ሞተር ሲወጣ የተለጠፈበት «ያማሃ» ነው፤ በዚያው ዓመት ለሞተሩ የተለየ ኩባንያ በዚሁ ስም ተቋቋመ። የሰው ስም ፒያኖ ላይም ሞተር ላይም ቢያርፍ አይጎረብጥም። ነባሩ ኩባንያ ግን ስሙን ወደ ያማሃ የቀየረው በ1987 ነበር!

ስለዚህ «ጫማ» የሚለው ቃል ሰሌዳውና ካርቶኑ ላይ ይቀመጥ፤ ሰሌዳ ቀለም ይበቃዋል። የተመዘገበ ስም ሲቀየር ግን ማኅተሙም፣ ደረሰኙም፣ የባንክ ሒሳቡም፣ ውሉም አብሮ መስተካከል አለበት።

ሰፊና ባዶ

ብዙዎች ችግሩን «ጠቅላላ ንግድ» ብለው ይገላገሉታል። እኔ አልመክረውም። የወል ቃል ስለሆነ አንዱን ነጋዴ ከሌላው አይለይም፤ ሌላው እንዳይጠቀምበት መከልከልም አይቻልም። ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ቃል ይሻላል፤ የወንዝ፣ የሰው ወይም የፍሬ ስም።

ቃሉን ሌላ ሰው ሲይዘው

አፕል ኮምፒውተር በ1976 ሲመሠረት ቢትልሶች በ1968 ያቋቋሙት «አፕል ኮርፕስ» የተባለ የሙዚቃ ኩባንያ ነበር። ተካሰሱ። በ1981 ኮምፒውተር ሠሪው ሙዚቃ ውስጥ እንዳይገባ ተስማሙ፤ ያኔ ማን ሙዚቃ ያስባል? ኮምፒውተሮቹ ሙዚቃ ማጫወት ሲጀምሩ ግን ክሱ ተመለሰ፤ በ1991 አፕል 26.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ታረቀ። አይቲዩንስ ሲከፈት ደግሞ ሦስተኛ ክስ መጣ። በ2007 አፕል ምልክቶቹን በሙሉ ይዞ ለሙዚቃ ኩባንያው መልሶ እንዲፈቅድለት ተስማሙ። በዚያው ዓመት አይፎን ሲተዋወቅ «ኮምፒውተር» የሚለው ከስሙ ወጣ፤ ከሁሉ የቀለለው ይሄ ነበር።

ፍለጋው የት ድረስ ይሂድ?

የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በምድብ ነው። ዓለም አቀፉ አመዳደብ 45 ምድቦች አሉት፤ ጫማ 25ኛው ውስጥ ነው፣ ዱቄት 30ኛው። እጅግ የታወቀ ምልክት ካልሆነ በስተቀር 25ኛው ላይ ያስመዘገበ ሰው ዱቄት ላይ በቀላሉ መብት አለኝ አይልም። ስለዚህ ስሙ ተይዞ እንደሆነ ስታጣሩ ነገ ልትገቡበት የምታስቡትን ምድብም ጨምሩ። ሁሉንም ምድብ ዛሬውኑ ማስመዝገብ ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ ለዓመታት ሳይሠራበት የቆየ ምልክት ሊሰረዝ ይችላል።